አርማዬን ለማስተካከል ስክሪንሾት ለምን አይበቃም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማ የኅትመትና የማስታወቂያ ዲዛይን ለምንሠራ ሰዎች ከደንበኛ በብዛት የሚደርሰን መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ ከስልክ ማያ ላይ የተቀረጸ የአርማ ምስል፣ ከሥሩም «ይቺን ብቻ አስተካክልልኝ» የሚል ጽሑፍ። ይህ ገጽ የተነሣው ቡና ቆልተው ለሚሸጡ አንድ ደንበኛችን ከሰጠነው መልስ ነው። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ያንኑ ስለጠየቁን ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ሰብስበናል። ስማቸውን ትተን አርማቸውን ግን በፈቃዳቸው እንደ ማሳያ እንጠቀምበታለን።

አርማው ክብ ነው። መካከሉ ላይ ጀበና፣ ከጀበናው ግራና ቀኝ ፍሬ የያዙ ሁለት የቡና ቅርንጫፎች፣ ዙሪያውን ደግሞ አረንጓዴ ቀለበት አለው። በቀለበቱ የላይኛው ክፍል የድርጅቱ ስም፣ በታችኛው «ቡና ቆልቶ መሸጫ» የሚል ነጭ ጽሑፍ ቅስቱን ተከትሎ ሰፍሯል። ሥራቸው ስላደገ የታችኛው ጽሑፍ «ቡና ማቀነባበሪያና ላኪ» ተብሎ እንዲቀየር ፈለጉ። የተስተካከለው አርማ ለሱቁ ታፔላ፣ ለቢዝነስ ካርድና ለጆንያ ኅትመት ይፈለጋል።

«አርማውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የታችኛዋን ጽሑፍ ብቻ ለመቀየር ሌላ ፋይል ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ጋሼ፣ በስልክዎ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየቱ እውነት ነው። ችግሩ የላኩልኝ አርማው ሳይሆን የአርማው ፎቶ መሆኑ ነው። ስክሪንሾት ሲያነሡ ስልኩ በዚያች ቅጽበት ማያው ላይ የነበሩትን ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች፣ ፒክስል የምንላቸውን፣ በየረድፋቸው መዝግቦ ያስቀምጣል። በዚህ ነጠብጣብ ላይ አረንጓዴ፣ በሚቀጥለው ላይ ነጭ፣ በሚቀጥለው ላይ ግራጫ ያዘለ ነጭ እያለ ይሄዳል። በዚያ ምዝገባ ውስጥ ጀበና የሚባል ነገር የለም፤ ፊደል የሚባል ነገርም የለም። ጀበናውን ጀበና ብሎ የሚያየው የእርስዎ ዓይን ነው።

አርማው መጀመሪያ የተሠራበት ፋይል፣ ቬክተር የምንለው፣ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። እሱ የያዘው ነጠብጣብ ሳይሆን የአሣሣል መመሪያ ነው፦ ከዚህ ነጥብ ተነሥተህ፣ በዚህ ልክ ጎብጠህ፣ እዚያ ነጥብ ድረስ ሂድ፤ ሲዘጋ ውስጡን በዚህ አረንጓዴ ሙላው። ጀበናው ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው፤ ቀለበቱም እንደዚሁ፤ እያንዳንዱ ፊደልም እንደዚሁ። አንዱን ስነካ ሌላው አይነካም። በቢዝነስ ካርድ ላይ በሁለት ሳንቲ ሜትር ቢታተም፣ በታፔላ ላይ በሁለት ሜትር ቢታተም መመሪያው ያው ስለሆነ ጠርዙ አይደበዝዝም።

ይህንን በስልክ ሳስረዳቸው ደንበኛችን ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያውስ የኔ ነገር የተቆላ ቡና ዘርቶ ችግኝ መጠበቅ ነው በለኛ!» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጽሑፍ መቀየር ብቻ እኮ ነው። አሮጌውን አጥፍቶ በላዩ አዲስ መጻፍ ምን ያስቸግራል?

ይህ ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ ሥራውን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሦስት ቃል የመለወጥ ጉዳይ ነው። በምስሉ ላይ ለመሥራት ስንሞክር የሚገጥመንን በተራ እንንገርዎ።

መጀመሪያ አሮጌው ጽሑፍ መጥፋት አለበት። ነጩ ጽሑፍ ያረፈው አረንጓዴ ቀለበት ላይ ስለሆነ ነጩን በአረንጓዴ እንሸፍነዋለን። ግን በየትኛው አረንጓዴ? ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ የሚጨመቀው ጄፔግ በሚባለው ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ምስሉን 8 በ 8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ዝርዝር እያሳሳ ቦታ ይቆጥባል። ለሰው ፊት ወይም ለመልክዓ ምድር ፎቶ ዓይን ሳይነቃ ያልፋል። አረንጓዴና ነጭ ጎን ለጎን በተጋጠሙበት አርማ ላይ ግን በፊደሎቹ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ጥላ ይተዋል። በዋናው ፋይል አንድ ብቻ የነበረው አረንጓዴ በፊደሎቹ አካባቢ ተቀራራቢ የሆኑ ብዙ አረንጓዴዎች ይሆናል። አንዱን መርጠን ስንቀባ የተቀባው ቦታ ተለጥፎ የገባ ይመስላል። በስልክ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሲታተም ግን ይወጣል።

ቀጥሎ አዲሱ ጽሑፍ ይገባል። «ቡና ቆልቶ መሸጫ» 8 ፊደል ነው፤ «ቡና ማቀነባበሪያና ላኪ» 12 ነው። ያው ቅስት ላይ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ፊደል ሲገባ ወይ ፊደሉ ማነስ አለበት፣ ወይ ቅስቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዘርጋት አለበት። ከተዘረጋ ደግሞ ከላይ ካለው የድርጅቱ ስም ጋር እንዳይጋጭ የላይኛውም ጽሑፍ መሰብሰብ አለበት። በቬክተር ፋይል ውስጥ ጽሑፉ የተጻፈበት የቅስት መስመር ራሱ ስላለ ከጫፉ ይዘን እንስበዋለን፤ ፊደሎቹም አብረው ይንሸራተታሉ። በፎቶው ላይ ግን የላይኛው ጽሑፍም ፎቶ ስለሆነ መሰብሰብ የሚባል ነገር የለም። እሱንም ማጥፋትና እንደገና መጻፍ ይመጣል። «አንዲት መስመር ብቻ» የተባለው ሥራ ቀለበቱን በሙሉ ይዞ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው የፎንት፣ ማለትም ፊደሉ የተጻፈበት የቅርጽ ዓይነት፣ ጉዳይ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ካለው ስም ጋር በአንድ እጅ የተጻፈ መምሰል አለበት። ከአሮጌው ጽሑፍ ወደ አዲሱ ሊሸጋገሩ የሚችሉት «ቡ» እና «ና» ብቻ ናቸው። የቀሩት ማ፣ ቀ፣ ነ፣ ባ፣ በ፣ ሪ፣ ያ፣ ላ፣ ኪ ከየት ይመጣሉ? ዋናው ፋይል ካለ የፎንቱ ስም በውስጡ ተጽፎ እናገኘዋለን። ከደበዘዘ ምስል ፎንት መለየት ግን መገመት ነው። ያውም ብዙዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የሚለያዩት በእግር ውፍረትና በጫፍ አቆራረጥ ነው፤ ስክሪንሾት ቀድሞ የሚያጠፋው ደግሞ እነዚህኑ ነው።

የላክሁት ምስል ታፔላ ላይ ምን ይመስላል?

እንቁጠረው። የደንበኛችን ስልክ ማያ 1080 በ 2400 ፒክስል ነው። አርማው ከገጻቸው ላይ ሲቀረጽ ማያውን በሙሉ አልሞላም፤ ከዳር እስከ ዳር 420 ፒክስል ያህል ነበር። ስክሪንሾቱ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው እንደተለመደው ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አወረደው። 2400 የነበረው 1280 ሲሆን 420 የነበረው 224 ይሆናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የደረሰው አርማ ከዳር እስከ ዳር 224 ነጠብጣብ ነው፤ ከዚያ በላይ መረጃ የለውም።

ታፔላው 3 ሜትር ይረዝማል፤ አርማው በላዩ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተሰጥቶታል። 80 ሳንቲ ሜትር ለ 224 ሲካፈል አንዱ ነጠብጣብ ከ3.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ሰሊጥ የሚያህል አራት ማዕዘን ማለት ነው። ባነርና ታፔላ ከሩቅ ስለሚታይ እንደ ካርድ ጥራት አይጠይቅም፤ ብዙ ማተሚያ ቤቶች በአንድ ኢንች ከ72 እስከ 100 ፒክስል ካገኙ ይበቃቸዋል። የእኛ ምስል የሚሰጠው 7 ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ጽሑፉ ነው። በዚያ ምስል ላይ የቀለበቱ ፊደሎች ቁመት 12 ፒክስል ገደማ፣ የእያንዳንዱ ፊደል እግር ውፍረት ደግሞ 2 ፒክስል ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት አጭር ሰረዝ ነው፤ በአንደኛው መካከል ላይ፣ በሌላኛው ግርጌ ላይ ትሆናለች። ያቺ ሰረዝ በ224ቱ ውስጥ የያዘችው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ነጠብጣብ ነው፤ ጭመቃው በዙሪያዋ ካለው አረንጓዴ ጋር ሲያዋህዳት ሰረዟ እግሩ ላይ ያለች እብጠት ትሆናለች። በስልክ ላይ «ቡና» ብለን የምናነብበው ቃሉን ስለምናውቀው ነው። ፊደሉ ብቻውን ተቆርጦ ቢቀርብልን ብዙዎቻችን እርግጠኛ አንሆንም።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር፦ ለቢዝነስ ካርድ ያው 224 ፒክስል በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 1.9 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስገኝ በልክ ደረጃ የሚበቃ ይመስላል። «ባለፈው ካርዴ በዚሁ ታትሞልኝ ነበር» የሚሉን ደንበኞችም አልዋሹም። እንዳለ ማተምና ለውጦ ማተም ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በዚያ ካርድ ላይም ቢሆን የቀለበቱን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ማየት በቂ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ አተልቀኸው ጥራቱን መጨመር አትችልም?

ማተለቅ ይቻላል፤ ጥራት ግን አይጨመርም። ፕሮግራሙ በሁለት ነጠብጣቦች መካከል አዲስ ሲያስገባ የጎረቤቶቹን ቀለም አማካይ እየወሰደ ነው። ከነጭና ከአረንጓዴ አማካይ የሚወጣው ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አራት ማዕዘኖቹ ይጠፉና በቦታቸው ጭጋግ ይመጣል።

ምስሉን በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይር ፕሮግራም አለ ይባላል። ለምን አትጠቀሙበትም?

አለ፤ እንጠቀምበታለንም። አርማ በምንሥልባቸው ሁለት ፕሮግራሞች፣ በኢሉስትሬተር Image Trace፣ በኮርል ድሮው PowerTRACE ይባላል። ንጹሕና ትልቅ ምስል ካገኘ፣ ቅርጹም ቀለል ያለ ከሆነ ጥሩ ይሠራል፤ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ፊርማ ወይም ትልቅ ሆኖ በስካነር የተነሣ ሥዕል ቢሰጡን እናመሰግናለን።

ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያየው የቀለም ድንበር ብቻ ነው። ድንበሩ ከደበዘዘ የደበዘዘውን ድንበር በታማኝነት ይከተላል። በደንበኛችን አርማ ላይ ሞክረን ያየነው እንዲህ ነበር፦ ዲዛይነር የሚሥለው ክብ አራት ነጥቦች ብቻ አሉት፤ በአራቱ መካከል ያለው ቅስት ለስላሳ ነው። ፕሮግራሙ ያወጣው ቀለበት ግን በበርካታ ነጥቦች የተሞላ ነበር፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ክቡ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። የጀበናው አንገትና እጀታው መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ተዘግቶ ጀበናው ጆሮው የተደፈነ ሆኗል። የቡናው ፍሬዎች ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቀዋል። «ጫ» ደግሞ የማይነበብ ጉብታ ሆኗል።

እንዲህ የወጣው ቅርጽ ስቲከር በሚቆርጥ ማሽን ላይ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ማሽኑ ቀለም አይረጭም፤ ስለቱ የቅርጹን መስመር እየተከተለ ስቲከሩን ይቆርጣል። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ስለቱም ይንቀጠቀጣል፤ ትንንሾቹ ቁርጥራጮችም ስቲከሩ ሲላጥ አብረው ይነሣሉ። ለሱቅ መስታወት ወይም ለመኪና በር የሚለጠፍ ጽሑፍ የሚያሠሩ ሰዎች ይህንን ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ለዚያ ሥራ ፎቶ ጨርሶ አይሆንም።

ቀለሙስ? አረንጓዴ አረንጓዴ ነው አይደል?

በስክሪንሾቱ ላይ ከቀለበቱ አንድ ቦታ ቀለም ስንለካና ከሌላ ቦታ ስንለካ የምናገኘው ቁጥር ይለያያል፤ ምክንያቱን ከላይ ብለነዋል። ይህ ብቻ ሳይሆን ስልክ ቀለምን የሚመዘግበው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያ ቤት የሚያትመው ደግሞ በሲያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው። ከአንደኛው ወደ ሌላው ሲሻገር አንድ አረንጓዴ በተለያየ ድብልቅ ሊገኝ ይችላል፤ ጥቁር በብዛት የገባበት ድብልቅና ጥቁር ያልገባበት ድብልቅ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አይወጡም። ዋናው ፋይል ዲዛይነሩ የመረጠውን ድብልቅ በቁጥር ይዞ ይቆያል።

ለጆንያ ኅትመት የተለየ ማሳሰቢያ አለን። ለ60 ኪሎ የቡና ጆንያ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በወንፊት የሚታተም ኅትመት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ይዘጋጃል። አርማው አንድ አረንጓዴ ካለው አንድ ወንፊት ይበቃዋል። ከፎቶ የመጣ፣ ብዙ አረንጓዴ ያለበት ምስል ግን በንጽሕና ሊለያይ አይችልም። የጆንያው ሽመናም ሰፋ ያለ በመሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ፤ ለዚያ ኅትመት የቅርንጫፎቹን መስመር ማወፈር አለብን። ማወፈር ደግሞ መስመሩ መስመር ሆኖ የተቀመጠበትን ፋይል ይጠይቃል።

ያለኝ ፋይል ትክክለኛው ቬክተር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የፋይሉን ስም መጨረሻ ይመልከቱ። `.ai`፣ `.cdr`፣ `.eps`፣ `.svg` ወይም `.pdf` ከሆነ ተስፋ አለ። `.jpg`፣ `.jpeg` እና `.png` ከሆነ ፎቶ ነው፤ `.psd` ደግሞ የፎቶሾፕ ፋይል ስለሆነ እንደ አሠራሩ ይወሰናል፣ ይላኩልንና እናየዋለን።

ተስፋ አለ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሰው ስክሪንሾቱን ዎርድ ላይ ለጥፎ በፒዲኤፍ ያስቀምጥና «ይኸው ፒዲኤፍ» ብሎ ይልካል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ፎቶ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን በኮምፒውተር ከፍተው አንድ ፊደል እስኪሞላው ድረስ ያተልቁት፤ አዶቤ ሪደር እስከ 6400% ያተልቃል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት ጥርት ብሎ ከቀጠለ ቬክተር ነው። ደረጃ ደረጃ ከሠራ ወይም ከደበዘዘ ፎቶ ነው።

`.svg` ከሆነ በኖትፓድ መክፈት ይቻላል። ትክክለኛው ቬክተር እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ያሳያል፦

```
<path d="M120 40 C150 40 175 65 175 95 Z" fill="#1F6B3A"/>
```

ፎቶ ተሸጉጦበት ከሆነ ግን ይህንን ያገኛሉ፣ ቀጥሎም ማለቂያ የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር፦

```
<image href="data:image/png;base64,iVBORw0KGgo...
```

እኛ ዘንድ ሲደርስ ኢሉስትሬተር ላይ ከፍተን `Ctrl+Y` እንጫናለን። ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ የቅርጾቹ መስመር ብቻ ሲቀር ጀበናውና ፊደሎቹ በመስመር ከታዩ እንጀምራለን። ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ ወደ እርስዎ እንደውላለን።

ፋይሉ እኔ ዘንድ የለም። ከየት አገኘዋለሁ?

መጀመሪያ አርማውን የሠራልዎትን ሰው ይጠይቁ፤ «ሶፍት ኮፒውን» ብቻ ካሉት ብዙ ጊዜ ፎቶ ይልካል፣ ስለዚህ «የኢሉስትሬተሩን ወይም የኮርሉን ፋይል፣ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ሳይቀየር» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። እሱ ከሌለ የመጀመሪያውን ታፔላ ወይም ባነር ያተመልዎት ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ማተሚያ ቤቶች የደንበኛን ፋይል ቶሎ አያጠፉም። ጥልፍ የሠራልዎ፣ ካርድ ያተመልዎ፣ ስቲከር የቆረጠልዎ ሁሉ ተስፋ ነው። ማኅተም የቀረጸልዎ ሰው ዘንድ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ የቀነሰ ባለ አንድ ቀለም ቅጂ ስለሆነ እሱን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት።

የራስዎንም ቤት ይፈትሹ። ከዲዛይነሩ ጋር በተጻጻፉበት የቴሌግራም ገጽ ላይ ስሙን ሲጫኑ «ፋይሎች» የሚል ክፍል ያገኛሉ፤ ስልክዎ ሊከፍተው ስላልቻለ ትተውት ያለፉት `.cdr` እዚያ ተቀምጦ ይሆናል። ደንበኛችን የኋላ ኋላ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ከረጅም ጊዜ በፊት ተልኮላቸው «አይከፈትም» ብለው ዘንግተውት ነበር። አለመከፈቱ የፋይሉ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩ ላይ ኮርል ድሮው ስለሌለ ነው።

ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ፊደሉ ሌላ ሆነ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ፎንቱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ፕሮግራሙ በሌላ ተክቶት ነው። በተለይ ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ አሠራር፣ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ስለሆነ ፎንቱ ሲጠፋ «ቡና» የነበረው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይሆናል። ምንም ሳይነኩ፣ በተለይም «ሴቭ» ሳይሉ፣ እንዳለ ይላኩልን።

ይህ እንዳይደርስ ዲዛይነሮች ፋይል ሲያስረክቡ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ይቀይሩታል፤ በኮርል ድሮው `Ctrl+Q`፣ በኢሉስትሬተር `Ctrl+Shift+O` ነው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ይታያል። ጉዳቱ ጽሑፍነቱ መቅረቱ ነው፤ «መሸጫ»ን አጥፍቶ «ላኪ» ብሎ መተየብ አይቻልም። የደንበኛችን ፋይል እንደዚያ የተቀየረ ነበር፤ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ስለሆነ ፎንቱን አስተያይተን ለየነው፤ «ቡ» እና «ና»ን በላዩ ላይ ደርበን አንድ መሆናቸውን አረጋግጠን የቀሩትን ፊደሎች ተየብን። ቅስቱን ወደ ሁለቱም ጎን አስረዘምን፤ የላይኛውን ስም በትንሹ ሰበሰብን፤ ጽሑፉን ከቀድሞው ዝቅ ያለ መጠን ሰጠነው። ጀበናውንና ቅርንጫፎቹን አልነካናቸውም። በፎቶው ብንሄድ ኖሮ እነሱም መሣል ነበረባቸው።

ፋይሉ ከነአካቴው ጠፍቷል። አሁንስ?

እንደገና ይሣላል። ምስሉን ከሥር አደብዝዘን እናስቀምጥና በላዩ ላይ እያንዳንዱን ቅርጽ በእጅ እንሥላለን፤ ክቡን በክብ መሣሪያ፣ ጀበናውን በመስመር። ሁለቱ ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱን ሠርተን በመስተዋት መልክ እናዞረዋለን። ይህ ማስተካከል ሳይሆን አርማውን አዲስ መሥራት ስለሆነ ጊዜውም ክፍያውም የተለየ ነው፤ አስቀድመን እንነግርዎታለን።

ለዚህ ሥራ ከስክሪንሾት ይልቅ የታተመ ነገር ይምጣልን። የቆየ ቢዝነስ ካርድ፣ የደብዳቤ ወረቀት ወይም ማሸጊያ በስካነር በአንድ ኢንች 600 ፒክስል ስናነሣው ከስልኩ ምስል እጅግ የተሻለ ዝርዝር ይሰጠናል። የታፔላ ፎቶ ከሆነ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብለው፣ በጠራ ብርሃን ያንሡት፤ ከጎን የተነሣ ክብ እንቁላል ይሆናል።

የማይመለስም ነገር አለ። በምስሉ ላይ የጠፋ ዝርዝር፣ ለምሳሌ በጀበናው ሆድ ላይ የነበረ ቀጭን ጌጥ፣ በግምት ስለሚተካ ከድሮው ጋር ፍጹም አንድ ላይሆን ይችላል። አርማዎ በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባውን ወረቀት ቅጂ ይዘው ይምጡ፤ ስንሥል የምናመሳስለው በዚያ ላይ ካለው ጋር ነው። የጽሑፍ ለውጡ ምዝገባውን ይነካው እንደሆነም ከኅትመት በፊት የመዘገበውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ስክሪንሾት ጭራሽ አትላኩ ማለታችሁ ነው?

አይደለም። የትኛውን አርማ እንደሚሉ ለማሳወቅ፣ በጣትዎ ከብበው «እዚህ ጋ» ለማለት፣ ቀለሙ በየትኛው ገጽ ላይ እንደተለወጠ ለማሳየት ጥሩ ነው። የደንበኛችንን ፍላጎት ያለ ብዙ ንግግር የተረዳነው በላዩ ላይ በቀይ ካሰመሩበት ስክሪንሾት ነው።

ፋይሉን እንዴት ልላክ?

በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ፤ ያኔ ሳይጨመቅ እንዳለ ይደርሳል። ኢሜይልም ይሆናል። ፋይሉ በአዲስ የኮርል ድሮው ስሪት የተሠራ ከሆነ አሮጌው ስሪት ስለማይከፍተው ላኪው በዝቅተኛ ስሪት ወይም በፒዲኤፍ ጭምር እንዲያስቀምጥልዎ ይጠይቁ። በፍላሽ ይዘው ከመጡ ደግሞ እዚሁ ከፍተን፣ አብረን አይተን፣ የጎደለ ፎንት ካለ ሳይሄዱ እንነግርዎታለን። ሥራው ሲያልቅ ጽሑፉ የሚስተካከልበትን ፋይል፣ ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተቀየረበትን ፒዲኤፍ፣ `.svg` እና ለስልክ የሚሆን `.png` በአንድ ፎልደር እናስረክባለን፤ የፎንቱም ስም በጽሑፍ አብሮ ይኖራል።